ዕድገቱ በደብዳቤ፣ ደመወዙ ባለበት

የዕድገት ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያነበው ስሙንና አዲሱን የሥራ መደብ ነው። ማንበብ ያለበት ሌላ ቦታም አለ፦ ከፊርማው ሥር ያለው የግልባጭ ዝርዝር። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዕድገቱን የሚያጸድቀው የሰው ሀብት ክፍል ነው፤ ደመወዙን የሚሠራው ግን የፋይናንስ ክፍል ነው። ፋይናንስ ደመወዝ የሚለውጠው ትእዛዝ ሲደርሰው ብቻ ነው። የደብዳቤው ግልባጭ ለሠራተኛው፣ ለቅርብ ኃላፊውና ለግል ማኅደሩ ተልኮ ለፋይናንስ ሳይላክ ከቀረ፣ ወይም ተልኮ «ደመወዙ ስንት እንደሚሆን ይገለጽልን» ተብሎ ከተመለሰ፣ ሠራተኛው አዲሱን ሥራ እየሠራ የድሮውን ደመወዝ መቀበል ይጀምራል።

አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ወር ዝም ይላል። «የዚህ ወር ሊስት ተሠርቶ አልቆ ይሆናል» ብሎ ያልፋል። በሁለተኛው ወር ኃላፊውን ያነሣሣል፤ ኃላፊውም «እነግርልሃለሁ» ይለዋል። በሦስተኛው ወር የሰው ሀብት ክፍል ጉዳዩ እየታየ መሆኑን ይነግረዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው ያልፋል። ሠራተኛው ታግሦ መጠበቁን እንደ ጨዋነት ይቆጥረዋል፣ መብቱም ያለበት የሚቆይ ይመስለዋል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ግን ይህን ትዕግሥት በወር በወር ያስከፍላል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ለማሳያ የተሠራ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። በአዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ አለች። ደመወዟ በወር 18,000 ብር ነው። ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጻፈ ደብዳቤ ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት ማደጓን ያበስራታል። በድርጅቱ የደመወዝ ስኬል የዚህ መደብ መነሻ 23,500 ብር ነው። ልዩነቱ በወር 5,500 ብር ይሆናል። አዲሱን ሥራ በተባለው ቀን ተረከበች፤ የመስከረም ደመወዝ ሲገባ ግን ያው የድሮው ነው። የጥቅምቱም፣ የኅዳሩም እንደዚያው። ሠራተኛዋ የጽሑፍ ጥያቄ ለማቅረብ የወሰነችው ሚያዝያ 8 ቀን ነው። በዚያ ቀን ከመስከረም እስከ መጋቢት የሰባት ወር ልዩነት ተጠራቅሟል፤ በጥቅሉ 38,500 ብር።

ሰባቱን ወር ሁሉ ማግኘት ትችላለች ወይ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠብቀው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ይርጋ በሚደነግግበት ክፍሉ፣ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከሚገባው ጊዜ ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ይናገራል። የሥራ ግንኙነትን የሚመለከት ሌላ ጥያቄ በመደበኛው የአንድ ዓመት ጊዜ አለው፤ ደመወዝ ግን ስድስት ወር ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ወር ደመወዝ የራሱ መክፈያ ቀን ስላለው፣ ይርጋውም ለየወሩ ለብቻው ይቆጠራል። የመስከረም ልዩነት መከፈል የነበረበት መስከረም 30 ነው፤ ስድስት ወሩ መጋቢት 30 አለቀ። ሠራተኛዋ ደብዳቤዋን በጻፈችበት ሚያዝያ 8 ቀን የመስከረሙ 5,500 ብር ጊዜው አልፎበታል። የጥቅምቱ ደግሞ ሚያዝያ 30 ይታገዳል። ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶታል ማለት ነው።

ይህን ስሌት ወደ ረጅም ጊዜ ብንወስደው ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሁኔታ የቆየ ሠራተኛ በ5,500 ብር ልዩነት 132,000 ብር ቀርቶበታል። ለፍርድ ቤት አቤት ሲል አሠሪው ይርጋን ካነሣ፣ ሊያስከፍል የሚችለው የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት፣ 33,000 ብር ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው 99,000 ብር የሠራበት፣ የደከመበት ገንዘብ ነው፤ የቀረው በዝምታ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው ነጥብ ብዙ ሠራተኞችን የሚያስደነግጥ ነው። ለአሠሪው የተጻፈ ደብዳቤ ብቻውን ይርጋውን አያቋርጥም። አዋጁ የይርጋ መቁጠሪያ የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ሦስት ነገሮችን ያነሣል፦ የሥራ ክርክርን ለመወሰን ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ አቤቱታ ማቅረብ፣ አዋጁን በሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል ዘንድ አቤቱታ ማቅረብ፣ እንዲሁም ሌላው ወገን የጥያቄውን ትክክለኛነት በግልጽ ማመኑ። ሠራተኛው መጠየቁ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። አሠሪው ማመኑ ግን አለ።

የደብዳቤው እውነተኛ ሥራ የሚገኘው ከዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው አንጀት ለመብላት አይደለም። የሚጻፈው አሠሪው በጽሑፍ «አዎ፣ ይህ ገንዘብ አለብን» እንዲል ነው፤ ያ ካልሆነ ደግሞ ወደ ቀጣዩ በር ለመሄድ ቀኑን የቆረጠ ማስረጃ እንዲሆን ነው። ይህን ዓላማ ያልያዘ ደብዳቤ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ መዝገብ ቤት ገብቶ የሚቀር ወረቀት ነው።

በተለምዶ የሚጻፉት ግን ሌላ ዓይነት ናቸው። ሠራተኛው ድርጅቱን ስንት ዓመት በቅንነት እንዳገለገለ፣ የቤት ኪራይ እንደተጨመረበት፣ ልጆቹን ለማስተማር እንደተቸገረ በሁለት ገጽ ይዘረዝርና በመጨረሻ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ» ብሎ ይዘጋል። ችግሩ እውነት ነው፤ ሰውም ሆኖ ሲያነቡት ያሳዝናል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ደብዳቤ ዕዳን ወደ ልመና ይለውጠዋል። ኃላፊው መልስ ሲሰጥ «ችግርዎን ተረድተናል» ሊል ይችላል፤ ችግርን መረዳት ደግሞ ዕዳን ማመን አይደለም። ከዚህም በላይ ስንት ብር፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደተጠየቀ ካልተጻፈ፣ ኃላፊው ቢፈልግ እንኳ የሚያጸድቀው ቁጥር የለም።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ደብዳቤ ቢበዛ አንድ ገጽ ይበቃዋል። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ቀን፦ ሚያዝያ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ
ጉዳዩ፦ ያልተከፈለኝ የደመወዝ ልዩነት እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ
ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በተጻፈ ደብዳቤ ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ የሥራ መደብ ላይ በዕድገት እንድሠራ ተወስኖልኛል። እኔም በተጠቀሰው ቀን ሥራውን ተረክቤ እየሠራሁ እገኛለሁ። በድርጅቱ የደመወዝ ስኬል መሠረት የመደቡ ደመወዝ 23,500 ብር ሲሆን፣ እስካሁን የሚከፈለኝ ግን የቀድሞው 18,000 ብር ነው። በዚህም መሠረት ከመስከረም እስከ መጋቢት 2018 ዓ.ም. ድረስ በወር 5,500 ብር፣ በድምሩ 38,500 ብር ሳይከፈለኝ ቀርቷል።
ስለሆነም ይህ ውዝፍ እንዲከፈለኝ፣ ከሚያዝያ ወር ጀምሮም ደመወዜ እንዲስተካከል እየጠየቅሁ፣ ድርጅቱ ክፍያውን ማመኑንና የሚከፍልበትን ቀን እስከ ሚያዝያ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ በማክበር እጠይቃለሁ።
ከሠላምታ ጋር
ግልባጭ፦ ለፋይናንስ መምሪያ፣ ለቅርብ ኃላፊዬ

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በዘፈቀደ የገባ ቀን የለም። ሚያዝያ 20 የተመረጠው የጥቅምቱ ደመወዝ ከሚታገድበት ከሚያዝያ 30 አስር ቀን ቀደም ስለሚል ነው፤ መልስ ካልመጣ ወይም የሚያሻማ መልስ ከመጣ ሠራተኛዋ አቤቱታ ለማዘጋጀት ጊዜ ይኖራታል። የመስከረሙም ልዩነት፣ ጊዜው ቢያልፍም፣ በጥያቄው ውስጥ ተካቷል። ይህ ስሕተት አይደለም። ይርጋ ራሱ አሠሪው ካላነሣው በቀር ፍርድ ቤት በራሱ አነሣሽነት የሚያነሣው ነገር አይደለም፤ አሠሪውም ጊዜው ካለፈ በኋላ በይርጋ የመከራከር መብቱን መተው ይችላል። ሒሳቡን በቅንነት የሚያስተካክል ድርጅት ሰባቱንም ወር ይከፍላል።

ገንዘቡ የተጻፈው ከግብርና ከጡረታ በፊት ባለው መጠን መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ከ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይከፈልበታል። የሠራተኛዋ የድሮውም አዲሱም ደመወዝ ከዚህ በላይ ስለሆነ፣ ከ5,500 ብሩ 1,925 ብር ግብር፣ በ7 በመቶ ደግሞ 385 ብር የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል። እጇ የሚገባው በወር 3,190 ብር፣ በሰባት ወር 22,330 ብር ነው። አሠሪውም በበኩሉ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይጨምራል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም፤ የጡረታ አበል የሚሰላው ከአገልግሎቱ መጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለሆነ፣ ወደ ጡረታ የቀረበ ሠራተኛ ደመወዙ ዝቅ ብሎ ከተመዘገበ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ይከተለዋል። ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰውም የትርፍ ሰዓት ክፍያው በድሮው ደመወዝ ተሰልቶ ከሆነ ያንንም በደብዳቤው ለይቶ መጠየቅ አለበት።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ወደ መዝገብ ቤት ይወሰዳል። አንዱ ገቢ ይደረጋል፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት ለሠራተኛዋ ይመለሳል። ይህ ቅጂ ከቤት መውጣት የለበትም። መዝገብ ቤቱ «መጀመሪያ ኃላፊው ይምራበት» ብሎ አልቀበልም ካለ፣ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክ ይቻላል፤ በኢሜይል መላክም የተላከበትን ቀን ያስቀምጣል። በኃላፊ እጅ በፈገግታ የተሰጠና ማንም ያልፈረመበት ደብዳቤ ግን ነገ «አልደረሰንም» ሊባልበት ይችላል።

መልሱ ሲመጣ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። «ጥያቄዎ እየታየ ስለሆነ በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል መልስ ምንም አላመነም፤ ይርጋው መቁጠሩን ይቀጥላል። «የደመወዝ ልዩነቱ ተገቢ መሆኑን አረጋግጠናል፤ የበጀት እጥረት ስላጋጠመን በሐምሌ ወር ይከፈላል» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ሠራተኛዋን ያስከፋት ይሆናል፤ በሕግ ዓይን ግን ጠቃሚ ደብዳቤ ነው፤ ምክንያቱም አሠሪው ዕዳውን በግልጽ አምኗል፣ ያልታገዱት ወራትም ይርጋ እንደ አዲስ መቁጠር ይጀምራል። የበጀት እጥረት የተሠራበትን ደመወዝ ላለመክፈል ምክንያት አይሆንም። ይሁንና አሠሪው እያመነ እያራዘመ ለዘላለም መሄድ እንዳይችል፣ አዋጁ በዚህ ዓይነት እምነት የሚደረገውን መቋረጥ በድምሩ ከሦስት ጊዜ በላይ አይፈቅድም። በቃል የተሰጠ ተስፋ ደግሞ፣ ሰውየው ምንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ በክርክር ጊዜ ለማስረዳት እጅግ ያስቸግራል።

ሦስተኛ ዓይነት መልስም አለ፤ እሱም የክህደት መልስ ነው። እዚህ ላይ የዕድገት ደብዳቤው ቃላት ይመረመራሉ። «በተጠባባቂነት» ወይም «በውክልና እንዲሠሩ» የሚል ደብዳቤ በመሠረቱ ጊዜያዊ ምደባ ነው፤ የሚያስገኘው ጥቅም በድርጅቱ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ላይ በተጻፈው የውክልና አበል ይወሰናል እንጂ የመደቡን ሙሉ ደመወዝ ላያስገኝ ይችላል። «በዕድገት ተመድበዋል» የሚለው ግን የሥራ ውሉን የሚያሻሽል የጽሑፍ ስምምነት ነው፤ አሠሪው ጽፎታል፣ ሠራተኛዋም ሥራውን በመረከብ ተቀብላዋለች። ደብዳቤው የደመወዙን መጠን ካልጠቀሰ አሠሪው «የማዕረግ ለውጥ ብቻ ነው» ብሎ ሊከራከር ይሞክራል። ያኔ የደመወዝ ስኬሉ፣ ኅብረት ስምምነቱ፣ የወጣው የውስጥ ማስታወቂያና በዚያው መደብ ላይ ያሉ ወይም የነበሩ ሠራተኞች ደመወዝ ማስረጃ ይሆናሉ። የዕድገት ደብዳቤ ሲሰጥ ደመወዙ በቁጥር ካልተጻፈ ያኔውኑ እንዲጻፍ መጠየቅ የሚበጀው ለዚህ ነው።

«ሰባት ወር ፈርመሽ ተቀብለሽ የለ?» የሚል ክርክርም ይሰማል። ይህ ክርክር ሠራተኛን ያስፈራል፤ ግን መሠረት የለውም። አሠሪው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ የመያዝ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም ስሌቱን የማሳየትና የማስረዳት ግዴታ አለበት። ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ ያለውን ገንዘብ ያለ ተቃውሞ መቀበሉ የቀረውን ደመወዝ እንደተወ እንደማያስቆጥርበት አዋጁ በግልጽ ይደነግጋል። መፈረም መተው አይደለም።

ሠራተኛዋን ዝም የሚያሰኛት ከሁሉ በላይ ግን የሥራ ዋስትና ስጋት ነው። ይህ ስጋት ተራ አይደለም፤ በተግባር የሚደርስ ነው። ቢሆንም ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክርክር ተካፋይ መሆኑ የሥራ ውልን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አዋጁ በስም ጠቅሶ ከልክሏል። ደብዳቤው ጨዋና በቁጥር የተደገፈ ሲሆን፣ በኋላ የሚመጣ ማናቸውም እርምጃ ከደብዳቤው ጋር በቀን ተገናዝቦ ይታያል። ይህም ደብዳቤውን በማኅተም የማስመለስ ሌላው ጥቅሙ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አዋጁ ለሚመለከታቸው ሠራተኞች ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፤ አቤቱታውም በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ አልፎ ወደ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል። በግል ድርጅትም ውስጥ ዕድገቱ ራሱ ሰውን ከአዋጁ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን የተሰጠው ሰው «የሥራ መሪ» ስለሚባል ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል። የመምሪያ ኃላፊ የሚል ስም መያዝ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም፤ የሚታየው በእጁ ያለው ሥልጣን ነው። እንዲህ ያለ ዕድገት ያገኘ ሰው ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል።

የሒሳብ ሠራተኛዋ የሥራ መሪ አይደለችም። ሚያዝያ 20 ደርሶ ግልጽ መልስ ካላገኘች ወደ የሥራ ክርክር ችሎት ትሄዳለች። ለዚህ ክስ ዳኝነት አይከፈልም። ይዛ የምትቀርበው የዕድገት ደብዳቤዋን፣ የቀድሞ የቅጥር ውሏን፣ የደመወዝ ስኬሉን፣ የሰባቱን ወራት የባንክ መግለጫና ማኅተም ያረፈበትን የጥያቄ ደብዳቤ ነው። ችሎቱ በስድሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት ይጠበቅበታል፤ ቅር የተሰኘ ወገን በሠላሳ ቀን ይግባኝ ማለት ይችላል። ተመሳሳይ ችግር በአንድ መደብ ላይ ያሉትን ሠራተኞች ሁሉ የነካ ከሆነ የወል ክርክር ሊባልና መንገዱ ሊለወጥ ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ የሠራተኛ ማኅበሩን ይዞ መሄድ ይገባል።

ክሱ ሚያዝያ 29 ከቀረበ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው 33,000 ብር ከይርጋ ይድናል። ግንቦት 1 ከቀረበ የጥቅምቱ 5,500 ብር አብሮ ይቀራል።